የማላውቀውን ሙያ ስጠይቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመሥሪያ ቤታችን የአይቲ ሰው ቀጠርኩ። እኔ የተማርኩት ማኔጅመንት ነው። ከኮምፒዩተር ጋር ያለኝ ወዳጅነት ኤክሴል ላይ ያበቃል። ድርጅታችን ትንሽ የጅምላ አከፋፋይ ነው። አርባ የምንሆን ሠራተኞች፣ አንድ ሰርቨር፣ አንድ መጋዘን፣ ፒችትሪ ላይ የሚሠሩ ሦስት የሒሳብ ሠራተኞች። የቀጠርኩት ልጅ ኢንተርቪው ላይ አንደበቱ ማር ነበር። ስለ ክላውድ አወራ፣ ስለ ሳይበር ደህንነት አወራ። ግማሹ አልገባኝም። ያልገባኝ ግን እሱ ብዙ ስለሚያውቅ መሰለኝ።

በስምንተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ። ሰርቨሩ አልነሳም አለ። ልጁ አልደነገጠም። «ችግር የለም፣ ባክአፕ አለን» አለ። እውነቱን ነው፣ ነበረን። ግን ከተቀጠረ ጀምሮ አንድም ቀን ከፍቶ አላየውም። ፋይሉ ስም አለው፣ ቀን አለው፣ መጠኑ ግን ዜሮ ኪሎባይት ነው። ዲስኩ ከሞላ ቆይቷል፤ ፕሮግራሙ በየማታው ባዶ ፋይል እየፈጠረ ይተኛል። የሚከፈት ፋይል ፍለጋ ወደ ኋላ ስንሄድ ያገኘነው የአራት ወር ዕድሜ ያለው ነው። ሒሳብ ክፍሉ የአራት ወር ደረሰኝ ከካርቶን እያወጣ እንደገና መታ። እስከዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ያነሱታል።

ልጁን አልወቅስም። እኔ ነኝ የመረጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ። ሙያውን ሳላውቅ ባለሙያውን እንዴት ልለየው እችል ነበር?

ራሴን ለማጽናናት የምጠቅሰው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ ሦስት ተመራማሪዎች ማይክል ፎክስ የሚባል ተዋናይ ወሰዱ። «ዶክተር ማይረን ፎክስ» የሚል ስም ሰጡት፣ የተንቆጠቆጠ ሲቪ ጻፉለት። ከዚያ የሒሳብ ጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ለሐኪሞች ትምህርት ስላለው ጥቅም ንግግር እንዲያደርግ አሠለጠኑት። ንግግሩ ሆን ተብሎ ባዶ ነው። የተፈጠሩ ቃላት፣ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ዐረፍተ ነገሮች፣ መሀል መሀል ላይ ቀልድ። አድማጮቹ የአእምሮ ሐኪሞች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችና አስተማሪዎች ናቸው። በ1973 ውጤቱ ሲታተም ለንግግሩ የሰጡት ግምገማ ባመዛኙ ጥሩ ነበር፤ ተዋናይ መሆኑን ያወቀበት የለም። የተማሩ ሰዎች በማያውቁት ርዕስ ላይ እንዲህ ከተሸወዱ፣ እኔ በክላውድ ብሸወድ ምን ይደንቃል?

ግን ነገሩ መጽናኛ ብቻ አይደለም። ፎክስ ያመለጠው ማንም አስቁሞ «አንተ ራስህ ይህን የሠራህበትን አንድ ቀን ንገረን» ስላላለው ይመስለኛል። እኔም አላልኩም። የእኔ ጥያቄዎች ከኢንተርኔት የተለቀሙ ነበሩ። «ባክአፕ ስንት ዓይነት ነው?» «ሰርቨር ምንድን ነው?» እነዚህን ጥያቄዎች እኔ ያገኘሁበት ቦታ ላይ አመልካቹ መልሳቸውንም አግኝቷል። ከዚያ የባሰው ደግሞ መልሱ ትክክል ይሁን ስህተት እኔ የማውቅበት መንገድ የለም። ፊቴን ኮስተር አድርጌ ራሴን እነቀንቃለሁ እንጂ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅጥር ከሌላ ጫፍ ጀመርኩ። የእሱን ሙያ አላውቅም። የእኔን ጉዳት ግን ማንም የሚያውቀውን ያህል አውቃለሁ። ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩና ሁለት ነገር ጻፍኩ። ሰርቨሩ አሁን ቢቃጠል የስንት ቀን ሥራ ይጠፋብናል? እንደገና ሥራ ለመጀመርስ ስንት ሰዓት እንጠብቃለን?

ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ቅጂ የሚወሰደው በየቀኑ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው እንበል። ሰርቨሩ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቢሞት፣ የዚያን ዕለት ሥራ ሙሉ በሙሉ ሄደ። ይህ የመጀመሪያው ነው፤ በየስንት ጊዜው ቅጂ ትወስዳለህ የሚለው ይወስነዋል። ሁለተኛው ደግሞ ቅጂው በእጅህ እያለ ሌላ ማሽን ፈልገህ፣ ፕሮግራሙን ጭነህ፣ ፋይሉን መልሰህ ሰው ሥራ እስኪጀምር ያለው ጊዜ ነው። በሙያው ለሁለቱም ስም አላቸው። ስሙን ማወቅ አላስፈለገኝም። የእኛን ድርጅት ነግሬው «ስንት ቀን፣ ስንት ሰዓት?» ብዬ መጠየቅ ግን እችላለሁ። የሚያውቅ ሰው መልሶ ይጠይቀኛል። «በቀን ስንት ደረሰኝ ትቆርጣላችሁ? ትርፍ ማሽን አላችሁ?» ይለኛል። የማያውቅ ደግሞ «ምንም አይጠፋም» ይለኛል።

ቀጥሎ አንድ ባለሙያ ተዋስኩ። የጓደኛዬ ወንድም አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰርቨሮች ላይ ይሠራል። ኢንተርቪው ላይ እንዲቀመጥ አልጠየቅኩትም። ፈቃድ አያገኝም፣ ቢመጣም ሁለቱ በቋንቋቸው ተግባብተው እኔ ታዛቢ ሆኜ መቅረቴ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ለመንኩት፣ ማኪያቶው በእኔ። የጠየቅኩት «ምን ልጠይቅ?» ብዬ አይደለም። እንዲህ ነው ያልኩት፦ «በዚህ ሥራ ላይ፣ የሠራ ሰው የሚያውቀው፣ ያነበበ ሰው ግን የማያውቀው ምንድን ነው? ምን ብሎ ቢመልስልኝ ነው መጥፎ ነው የምለው?»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ባክአፕ ስለ መውሰድ አትጠይቅ፤ ሁሉም ይወስዳል። ስለ መመለስ ጠይቅ» አለኝ። አንድ ሰው አሥር ዓመት ባክአፕ ሲወስድ ኖሮ አንድም ጊዜ መልሶ ላያውቅ ይችላል። የመለሰ ሰው ደግሞ ያንን ቀን አይረሳውም፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የሆነ ነገር ከጠበቀው ውጭ ሆኖበታል።

ከዚያ ሁለት የማስጠንቀቂያ ምልክት ሰጠኝ። አንደኛው፣ «ሰርቨሩ ሁለት ዲስክ ስላለው ባክአፕ አለን» የሚል ሰው ነው። ሁለቱ ዲስኮች እኩል ነው የሚጽፉት። አንዱ ቢሞት ሌላው ያድናል፤ ይህ ጥሩ ነው። አንድ ሠራተኛ ፋይል በስህተት ቢያጠፋ ግን ከሁለቱም ላይ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ሁለተኛው ምልክት፣ ቅጂው ያለበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሁልጊዜ ሰርቨሩ ላይ እንደተሰካ የሚውል ከሆነ ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ሲገባ የተሰካውንም አብሮ ይቆልፈዋል። ሌባ ሲገባም ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ይወጣል።

«ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ» የሚል ደንብ እንዳላቸውም ነገረኝ። «ይህንን ግን እንዳትጠይቅ፣ ሁሉም እንደ ጸሎት ነው የሚደግመው» አለ። «ይልቅ ከግቢ ውጭ የነበረው የት ነበር? ማን ነበር የሚወስደው? በምን ቀን? በል።» ለዚህ መልስ የሚኖረው ዲስኩን ቦርሳው ውስጥ ይዞ የተጓዘ ሰው ብቻ ነው።

ሦስት ሰዎች ጠራን። የሁለቱን ንግግር በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው አመልካች ሸጋ ልጅ ነው፤ ሰርተፊኬቶቹን በፕላስቲክ አድርጎ ይዟል። «ጠፍቶ የነበረ ፋይል ከባክአፕ የመለስክበትን አንድ ቀን ንገረኝ» አልኩት።

«እኛ ጋ ዳታ አይጠፋም፤ የተሟላ ስትራቴጂ አለን።»

«ደስ ይላል። እንግዲያው ሳይጠፋም ቢሆን፣ ለመሞከር ያህል የመለስክበትን ቀን ንገረኝ።»

«እሱንማ በየጊዜው እናደርጋለን።»

«የመጨረሻውን ብቻ። ምን ፋይል ነበር? የማን?»

«እንደ ሁኔታው ይለያያል። ለምሳሌ ሙሉ ባክአፕ ከሆነ አንድ ፋይል ነው፣ ኢንክሪሜንታል ከሆነ ደግሞ...» ብሎ ትምህርቱን ቀጠለ።

ትምህርቱ ስህተት አልነበረም፤ በኋላ ባለሙያዬን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ሦስት ጊዜ ወደ መሬት ጎተትኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ። «አንድ ቀን» ስለው «በየጊዜው» ይለኛል። «ምን ፋይል» ስለው «እንደ ሁኔታው» ይለኛል።

ሁለተኛዋ ድምጿ አይሰማም። እንደ ወጉ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ተሰናከለች። «በአማርኛ ቀጥዪ» አልኳት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ኢንተርቪው በእንግሊዝኛ የማድረግ አባዜ አለ። ሥራው ከውጭ ደንበኛ ጋር መነጋገር ከሆነ እሺ። ሰርቨር መጠበቅ ከሆነ ግን የምንለካው ሙያውን ሳይሆን የተማረበትን ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ሙያውን ለማያውቅ ጠያቂ ደግሞ ወጥመዱ ድርብ ነው፤ እንግሊዝኛው ሲያምር ዕውቀቱም ያማረ ይመስለዋል።

በአማርኛ ስትቀጥል ሌላ ሰው ሆነች። ትሠራ የነበረው አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ነው።

«የተማሪ ውጤት ነበር» አለች። «ሰኔ ላይ፣ ካርድ ሊሰጥ አራት ቀን ሲቀረው። አንድ መምህር የዘጠነኛን ማርክ ስምንተኛው ፋይል ላይ ሴቭ አደረገበት።»

«መጀመሪያ ምን አደረግሽ?»

«የማታውን ባክአፕ አቆምኩ።»

ይህ ግራ አጋባኝ። ባክአፕ በሚያስፈልግበት ቀን ባክአፕ ማቆም? «ለምን?» አልኳት።

«ካላቆምኩት ማታ ላይ የተበላሸውን ይገለብጠዋል። ዲስካችን የሚይዘው የሰባት ቀን ብቻ ነው። አዲስ ሲገባ አሮጌው ይወጣል። ጥሩው የትኛው ቀን ላይ እንዳለ ገና አላወቅኩም፤ ስለዚህ ምንም እንዳይወጣብኝ ፈራሁ።»

«ከዚያስ?»

«የትናንቱን ከፈትኩ። ጥሩ ይሆናል ብዬ ነበር፣ እሱም ተበላሽቷል። ለካ መምህሩ ያየው ዛሬ ይሁን እንጂ ያበላሸው ከትናንት ወዲያ ነው። የሦስት ቀኑን ስከፍት ልክ ሆነ።»

«ልክ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ሬጅስትራሯ የወረቀት ማርክ ሊስት ነበራት። አሥር ተማሪ እንዲሁ አውጥተን አመሳከርን። ዘጠኙ ገጠመ። አንዷ አልገጠመችም። በመሀል ማርኳ ተስተካክሎላት ነበር፣ እሱ ጠፍቷል ማለት ነው።»

«ምን አደረጋችሁ?»

«በሦስቱ ቀን ውስጥ እርማት ያስገቡ መምህራንን ጠርተን እንደገና አስገቡ። ሁሉም የመጡ አይመስለኝም።»

ልብ በሉ፤ ይህንን ሁሉ ለመስማት አንድም የአይቲ ቃል ማወቅ አላስፈለገኝም። ቅደም ተከተል አለው። መሀሉ ላይ የተሳሳተ ግምት አለ፣ ስህተት መሆኑ የታወቀበት መንገድም አለ። ሌሎች ሰዎች አሉበት፤ መምህሩ፣ ሬጅስትራሯ። «ሰባት ቀን» የሚለው ቁጥር ለማስጌጥ የገባ አይደለም፤ ያንን ማታ ያደረገችው ነገር ምክንያት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያልተመለሰ ነገር እንዳለ ራሷ ነገረችኝ። የበለጠ ስጠይቃት ነገሩ የበለጠ ይጠባል፣ ይጠራል። የመጀመሪያው ልጅ ላይ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ በጠየቅኩት ቁጥር ይሰፋል።

«ከዚያስ?»፣ «በምን አወቅሽ?»፣ «ያልተሳካው የቱ ነው?»። ኢንተርቪው ላይ ከእነዚህ የበለጠ የሠራልኝ ጥያቄ የለም። ከሦስቱ አንዱን ብቻ አስቀር ብባል «በምን አወቅሽ»ን አልለቅም። ሥራውን ከመጽሐፍ የተማረ ሰው እንዴት እንደሚሠራ ይነግራችኋል። መሠራቱን እንዴት እንዳረጋገጠ ግን ብዙ ጊዜ አላሰበበትም።

የፈረንጅ የኢንተርቪው መመሪያዎች ላይ የምታገኙት አንድ ምክር አለ፤ እኛ ጋ ሲመጣ ይበላሻል። «እኛ» እያለ የሚያወራን ሰው ጠርጥሩ፣ ሥራው የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል ይላሉ። በአማርኛ ግን «እኔ፣ እኔ» ማለት ነውር ነው። በደንብ ያደገ ሰው ብቻውን የሠራውንም «ሠራን» ይላል። ልጅቷም መሀል ላይ «አውጥተን አመሳከርን» ብላለች። መፍትሔው ቀላል ነው። «ከዚህ ውስጥ አንቺ በእጅሽ የሠራሽው የቱን ነው? ሌላውን ማን ሠራው?» አልኳት። ወዲያው ለያየችው። ባክአፑን ያቆመችውም ፋይሉን ያወጣችውም እሷ፤ ማመሳከሩ የሬጅስትራሯ ሐሳብ። ለሌላ ሰው የሚገባውን ለይቶ የሚሰጥ ሰው ቦታው ላይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሌላ የማልወደው ብልጠት ደግሞ አለ። የሌለ ፕሮግራም ስም ፈጥሮ «ይህንን ታውቀዋለህ?» ማለት። አዎ ያለ ይወድቃል ይባላል። እኔ አላደርገውም። ውሸት በመዋሸት መጀመር ደስ አይልም። ደግሞም ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው አለቃ ፊት ተቀምጦ በድንጋጤ ራሱን ቢነቀንቅ ስለ ችሎታው የሚነግረኝ ነገር የለም።

እስከዚህ ድረስ የመጣሁበት መንገድ ግን ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛ፣ ታሪክ ይዋሳሉ። አጠገቡ የተቀመጠ የሥራ ባልደረባ ሲሠራ ያየ ሰው እንደ ራሱ አድርጎ ሊያወራው ይችላል፤ ጎበዝ ከሆነ እስከ ሦስተኛው «ከዚያስ» ድረስ ይሄዳል። ሁለተኛው ይብሳል። ታሪኩ እውነት ሆኖ አሠራሩ መጥፎ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት በተሳሳተ መንገድ የሠራ ሰውም ዝርዝር አለው። ይህንን እኔ በጆሮዬ አልለየውም።

ለዚህ ነው ሥራውን በዓይኔ ማየት የፈለግኩት። ባለሙያዬ አንድ ቅዳሜ መጥቶ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ መቶ የሚሆኑ የውሸት ደረሰኞች ያሉበት ፎልደር አዘጋጀልኝ። ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ደግሞ የሦስት ቀን ቅጂ አስቀመጠ። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ቅጂ አይከፈትም። እንደ ድሮው ቁስሌ ዜሮ ኪሎባይት። ለእያንዳንዱ አመልካች የትራንስፖርት ከፈልን፣ ሁለት ሰዓት ሰጠን። ፎልደሩን ፊታቸው አጠፋሁና «መልሱልኝ» አልኩ።

ምን እንደማይ ባለሙያዬ አራት መስመር ጽፎልኛል። ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል? የመለሰውን በነበረው ላይ ደርቦ ነው የሚያስቀምጠው ወይስ ሌላ ቦታ? ከመለሰ በኋላ ከፍቶ ያያል? የጠፋውን ይነግርሃል? እነዚህን ለማየት ዓይን ይበቃል።

የመጀመሪያው ልጅ በአሥር ደቂቃ «ጨርሻለሁ» አለ። የመጨረሻውን ቅጂ ገልብጦ አስቀምጧል። «እስኪ ክፈትልኝ» አልኩት። አልተከፈተም። ሳቀ፣ ቀላ፣ ከዚያ ወደ ቀደመው ቀን ሄዶ መለሰው። ሐቁን ለመናገር እጁ ፈጣን ነው፣ አላዋቂ አይደለም። ግን እኔ «ክፈትልኝ» ባልል ኖሮ ጨርሶ ነበር። የአራት ወር ሥራ ያሳጣኝም ይኸው ነበር።

ልጅቷ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። አሰልቺ ናት። መጀመሪያ «ማን ነው የሚጠቀምበት? አሁን ሌላ ሰው ከፍቶታል?» አለች። ሌላ ፎልደር ከፍታ እዚያ መለሰች። የመጨረሻው እንደማይከፈት አይታ የቀደመውን ወሰደች። ከዚያ ዞር ብላ «የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥር ስንት ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። «እንግዲያው አሥራ አንድ ደረሰኝ ይጎድላል፤ ከወረቀት ይገባል» ብላ ቁጥሮቹን ጻፈችልኝ።

ሦስተኛው ገና የተመረቀ ልጅ ነው፤ ኢንተርቪው ላይ ምንም የሚያወራው ታሪክ አልነበረውም። በታሪክ ብቻ ብመዝን ዜሮ ነው። ፈተናው ላይ ግን ከመጀመሪያው ልጅ በለጠ፤ ዘገምተኛ ሆኖ፣ እያንዳንዱን ፋይል እየከፈተ። ልምድ የሌለው ሰው ሲመጣ «ንገረኝ» ሳይሆን «አሳየኝ» ማለት እንዳለብኝ ከእሱ ተማርኩ።

ነጥብ አሰጣጡ ላይ አንድ ሥርዓት ብቻ ነበረን። ከእኔ ጋር ኢንተርቪው ያደረገችው የሒሳብ ኃላፊያችን ናት። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል። አመልካቹ እንደወጣ ሁለታችንም ሳንነጋገር ነጥባችንን ከነምክንያቱ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ነው የምናወራው። «እንዴት ነው ልጁ?» የምትል ቃል ኮሪደር ላይ ከወጣች ያበቃል፤ ቀድሞ የተናገረው ሌላውን ይጎትተዋል።

ይህ የእኔ ብቻ ጣጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬት የተባለ የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቹ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተሰበሰቡ የቅጥር ጥናቶችን እንደገና አስልተው ነበር። የመመረጫ ዘዴው በኋላ ከታየው የሥራ ብቃት ጋር ያለው ዝምድና ይለካል፤ 0 ማለት ምንም አይነግርህም፣ 1 ማለት ሁሉን ይነግርሃል። ጥያቄውና ነጥቡ አስቀድሞ የተወሰነ ኢንተርቪው 0.42 አገኘ። እንዲሁ የሚጨዋወቱበት ኢንተርቪው 0.19። ሲቪ ላይ አይተን የምንማረክበት የልምድ ዓመት ብዛት ደግሞ 0.07። ከሁሉ የተሻለው እንኳ ግማሽ አይሞላም። ስለዚህ ማንም «እኔ ሰው አይቼ አውቃለሁ» ሲለኝ አሁን አሁን ፈገግ እላለሁ።

ከመቅጠሬ በፊት አንድ ስልክ ደወልኩ። ልጅቷን አስፈቅጄ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ አስተዳደር ሳይሆን ወደ ሬጅስትራሯ። አስተዳደር የሚነግራችሁ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችና ጠባይዋ መልካም እንደሆነ ነው። እኔ ግን «ጎበዝ ናት ወይ?» አላልኩም። «ሰኔ ላይ የተማሪ ውጤት ተበላሽቶባችሁ ነበር እንዴ?» አልኩ። «ኧረ ተወኝ ወንድሜ! ካርዱ ሳይደርስ ሊቀር ነበር እኮ» ብላ ሳልጠይቃት አሥሩን ተማሪ ያመሳከሩበትን ማታ ተረከችልኝ። የተዋሰችው ታሪክ ሊሆን ይችላል ያልኩት ጥርጣሬ እዚያ ላይ ወደቀ።

ልጅቷን ቀጠርናት። ምርጫው እንከን የለውም አልልም። የፈተንነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያወቅነውም አንዱን ነገር ብቻ ነው። ዳታ ላይ ጠንቃቃ ናት። የመጋዘኑን ዋይፋይ ግን አንድ ወር ታግላ ስላልቻለችው በመጨረሻ ከውጭ ሰው አመጣን። ኢንተርቪው ላይ ስለ ኔትወርክ የጠየቅናት የለም። ከቀደመው ቁስል ተነስተን ስለ ባክአፕ ብቻ ስናደርቃት ዋልን።

በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮዬ መጥታ «ዩፒኤሱ መብራት ሲጠፋ ስንት ደቂቃ ይይዛል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ከእኔ በፊት የነበሩትም አያውቁም። ምሳ ሰዓት ላይ ሰርቨሩን በሥርዓቱ ዘጋችው፤ ሰባት ደቂቃ ወሰደ። ከዚያ በእሱ ምትክ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ዩፒኤሱ ላይ ሰካችና ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቀለች። ስልኳን አውጥታ ሰዓቱን ማየት ጀመረች።

አራት ደቂቃ ላይ ጠፋ።